«ሰላም፣ እንዴት ነሽ?» ከማለት በፊት፦ ከፕሮፋይሉ አንድ ነገር መዝዞ መጀመር

በመተዋወቂያ መተግበሪያ ሁለት ሰዎች ሲመራረጡ የሚላከው የመጀመሪያ መልእክት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ሰላም፣ እንዴት ነሽ?»። መልሱ «ደህና፣ አንተስ?» ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይከተላል፤ ቀጥሎ «ሥራ እንዴት ነው?»፤ «ጥሩ ነው»። ሁለቱም ጨዋዎች ናቸው፣ ሁለቱም ያጠፉት ነገር የለም፤ ወሬው ግን ሳይጀመር አልቋል። ፊት ለፊት ሲሆን ሰላምታውን የሚሸከመው ድምፅና ፈገግታ ነው። ስልክ ላይ የሚቀረው ፊደሉ ብቻ ሲሆን፣ ያ ፊደል ደግሞ በዚያው ቀን ከሌሎች ሰዎች ከደረሳት ፊደል በምንም አይለይም።

ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ስለ አንድ ሥራ ብቻ ነው፦ ከሰውየው ወይም ከሴትዮዋ ፕሮፋይል ውስጥ አንድ የተለየ ነገር መርጦ በእሱ መጀመር። ምሳሌዎቹን ከባሕር ዳር የወሰድኩት እዚሁ ስለምኖር ብቻ አይደለም። ከተማዋ የራሷ ወጥመድ አላት፤ ሁሉም ሰው ጣና ዳር ፎቶ ይነሣል፣ ሁሉም ሰው ደግሞ ሁሉንም በሩቁም ቢሆን ያውቃል። ሁለቱም የመጀመሪያውን መልእክት ያበላሻሉ።

ነገሩ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ኦኬኪዩፒድ የተባለው የአሜሪካ የመተዋወቂያ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2009 ተጠቃሚዎቹ የተጻጻፏቸውን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የመጀመሪያ መልእክቶች መርምሮ ነበር። መልክን የሚያወድሱ ቃላት የመልስ ዕድልን ሲቀንሱ፣ ጸሐፊው ፕሮፋይሉን ማንበቡን የሚያሳዩ አነጋገሮች ዕድሉን ከፍ ሲያደርጉ ታይቷል። መረጃው አሜሪካዊና የቆየ ነው፤ «ሰላም ቆንጆ» የሚለውን መልእክት ለተቀበለች የባሕር ዳር ሴት ግን አዲስ ነገር አይነግራትም።

መጀመሪያ፦ ፕሮፋይሉን ከመጨረሻው አንብቡ

ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ፎቶ አይቶ ወደ ቀኝ ይገፋና ሲመራረጥ መልእክት ለመጻፍ ይቸኩላል። ጽሑፉን ያነበበው የለም። እናንተ ግን ከመጻፋችሁ በፊት ተመለሱና ጽሑፉን አንብቡ፤ ቀጥሎ ፎቶዎቹን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እዩ። የመጀመሪያው ፎቶ የተመረጠው ለሁሉም ተመልካች ነው፤ ፊት በደንብ ይታያል፣ ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ ሌላ የሚናገረው የለም። አራተኛውና አምስተኛው ላይ ሰው ይዝናናል፤ ራሱን የሚያስቀውን፣ የሚወደውን፣ አንዳንዴም ሳያስብ የገባውን ያስቀምጣል። የሚጻፍበት ነገር ያለው እዚያ ነው።

ሂንጅን የመሰለ መተግበሪያ አንድን ፎቶ ወይም አንድን መልስ ነጥሎ አስተያየት መጻፍ ስለሚያስችል የምትናገሩት ስለ የትኛው እንደሆነ በራሱ ይታወቃል። ቲንደር ላይ ግን የተመረጠው ሰውየው በሙሉ ነው፤ ስለዚህ «ያ ፎቶሽ» ማለት አይበቃም፣ የትኛው እንደሆነ በሁለት ቃል መግለጽ አለባችሁ።

ቀጥሎ፦ ያስቀመጠችውን ካመለጣት ለዩ

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይከብዳል፤ ስለዚህ አንድ ለማሳያ የፈጠርኩት ፕሮፋይል ይዘን እንሂድ። ሕይወት፣ 27 ዓመት። ጽሑፏ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፦ «የላብራቶሪ ባለሙያ። ቡና ከሆነ የዘጌ ብቻ። ቅዳሜ ጠዋት ስልኬን አላነሣም።» አምስት ፎቶ አላት። አንደኛው ፊቷ ነው። ሁለተኛው ላይ የሞተር ጀልባ ውስጥ ብርቱካናማ የአደጋ ጊዜ ጃኬት ለብሳ ተቀምጣለች። ሦስተኛው ጢስ ዓባይ ነው፤ ነገር ግን ውሃው ሁለት ክር ሆኖ ይወርዳል፣ የቀረው ጥቁር ድንጋይ ነው። አራተኛው ላይ ግማሹ የተበላ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስና ሎሚ የሚጨምቅ እጅ ይታያል። አምስተኛው ላይ ነጭ ጋውን ለብሳ ቆማለች፤ ደረቷ ላይ መታወቂያ ተንጠልጥሏል።

ከመጨረሻው እንጀምር። መታወቂያውን አጉልቶ ለሚያይ ሰው የመሥሪያ ቤቷ ስም ይነበባል። ቅን ሰው «እዚያ ነው የምትሠሪው? አክስቴ እዚያ ታክማ ነበር» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ መቀራረብ መስሎት ነው። እሷ የምታነበው ግን ሌላ ነው፦ ይህ የማላውቀው ሰው ከጠዋት እስከ ማታ የት እንዳለሁ ያውቃል። የመሥሪያ ቤቷን ስም በጽሑፏ አላስቀመጠችም፤ ከፎቶው አመለጣት እንጂ። ያመለጠ ነገር አይነሣም። ከኋላ የሚታይ ሰገነት፣ የባጃጅ የጎን ቁጥር፣ የወንድም ልጅ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ «ይሄ ሰፈር የእኛ ሰፈር ነው» የሚያሰኝ የመንገድ ጥግ፣ ሁሉም ከዚህ ይመደባሉ። ባሕር ዳር ትልቅ ከተማ ናት፣ ግን ከፔዳ እስከ ቀበሌ 14 አንድ የጋራ ወዳጅ የማይገኝበት ሰው ብርቅ ነው። «አውቄሻለሁ፣ የእገሌ እኅት አይደለሽ?» ብሎ መጀመር ወሬውን የሚገድለው ለዚህ ነው፤ ሰውን እንደ መከታተል ይቆጠራል።

የጀልባው ፎቶ ያስቀመጠችው ነው፤ ግን ወጥመድ አለበት። ብዙ ሰው ጀልባ ሲያይ ገዳም ይላል፤ «ክብራን ገብርኤልን አየሽው?» ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ። በዘጌ ያለችውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ግን ሴቶችም ይሳለማሉ፤ የመቅደሱን ሥዕሎችም ያያሉ። ይህን የማያውቅ ሰው አካባቢውን በፖስታ ካርድ እንደሚያውቀው በአንድ መስመር አስመሰከረ። ከዝርዝር ነገር መጀመር ጥቅም አለው የምንለው ዝርዝሩ ትክክል ሲሆን ነው፤ የተሳሳተ ዝርዝር ከባዶ ሰላምታ ይብሳል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ጠይቁ እንጂ አትገምቱ፦ «ጀልባው ወዴት እየሄደ ነው?»

የዘጌ ቡና ደግሞ ዓይን ውስጥ የሚገባ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ጽሑፏን ያነበበ ሁሉ እዚህ ላይ ያርፋል። ሌላም አደጋ አለው፤ ዘጌን የሚያውቅ ወንድ ማስተማር ይጀምራል። ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር እንደሚበቅል፣ ልሳነ ምድሩ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ በልማድ ክልክል እንደሆነ፣ ገሾውም እዚያው እንደሚበቅል ይዘረዝራል። ሁሉም እውነት ነው፤ እሷ ግን የጠየቀችው የለም። ቡናውን ካነሣችሁ ስለ ቡናው ሳይሆን ስለ «ብቻ» ጻፉ፤ ሰው ቤት ሄዳ ሌላ ቡና ሲቀርብላት ምን እንደምታደርግ መጠየቅ ይቻላል። ይህ አጉል አይደለም፤ ከእኛ አገር የቡና ጨዋነት ጋር ፊት ለፊት ስለሚጋጭ መልስ አለው።

ዓሣውን በሰላም እለፉት ባይ ነኝ። በተለይ በዐቢይ ጾም ሰሞን ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ከማያውቁት ሰው ጋር የሚጀመር አይደለም።

የቀሩት ሁለቱ ጥሩዎቹ ናቸው። ጢስ ዓባይን ሰው የሚለጥፈው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም ገደማ፣ ሞልቶ ጢሱ ሲነሣ ነው። በበጋ ውሃው ራሱ ይቀንሳል፤ የቀረውም ለኤሌክትሪክ ማመንጫው ስለሚሄድ አንዳንዴ ፏፏቴው ክር ሆኖ ይቀራል። ያን ቀጭን ውሃ ፎቶ አንሥታ ፕሮፋይሏ ላይ ካስቀመጠችው አስባበት ነው፤ ታሪክ አለው። «ቅዳሜ ጠዋት ስልኬን አላነሣም» የሚለውም እንቆቅልሽ ነው፤ ራሷ በር ከፍታ ቆማ ማን ይገባል እያለች ነው።

ከሁለቱ አንዱን መምረጥ

አንድ መልእክት አንድ ነገር ይይዛል። ሁለቱንም ከጻፋችሁ፣ ሦስተኛ ካከላችሁ፣ ፕሮፋይሏን አጥንታችሁ ፈተና የምትፈትኑ ይመስላል። እኔ ብሆን ቅዳሜን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም በአንድ ቃል መመለስ ይቻላል፣ ከፈለገች ደግሞ አሥር መስመር ያስጽፋታል። የጢስ ዓባዩን አስቀምጡት፤ በኋላ ይጠቅማል።

ስትመርጡ ራሳችሁን የምትጠይቁት ይህን ነው፦ በዚህ ነገር ላይ እኔ የራሴ የሆነ የምጨምረው አንድ ዓረፍተ ነገር አለኝ? ከሌለ፣ ነገሩ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ለእናንተ አይሆንም። ኳስ የማይከታተል ሰው የባሕር ዳር ከተማን ማልያ አይቶ ስለ የጣና ሞገዶቹ ቢጠይቅ፣ በሁለተኛው መልስ ላይ ባዶነቱ ይገለጣል።

አሁን መጻፍ

ሰላምታውን አትተዉት። በእኛ ቋንቋ ሰላም ሳይሉ ወደ ጉዳይ መግባት ያስከፋል፤ «ጥሩ መልእክት በሰላምታ አይጀምርም» የሚለው ከውጭ የመጣ ምክር እዚህ አይሠራም። ሰላምታው ግን አንድ ቃልና ስሟ ይሁን፣ በዚያው መልእክት ውስጥ ወዲያው ወደ ነገሩ ይግባ። ሰላምታን ብቻውን ልኮ መልስ መጠበቅ ነው ስሕተቱ። ከዚያ ያስተዋላችሁትን ነገር በጥያቄ፣ ቀጥሎ የራሳችሁን አንድ ነገር። እንዲህ፦

«ሰላም ሕይወት። ቅዳሜ ጠዋት ስልክ የማይነሣው በእንቅልፍ ነው ወይስ በገበያ? እኔን እናቴ በሦስት ሰዓት ሽንኩርት ልታሸክመኝ ስለምትደውል፣ የማላነሣበትን ዘዴ ብማር አልጠላም።»

ሁለት ግምት መስጠቱ ሥራውን ያቀልላታል፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ወይም «ሁለቱም አይደለም» ማለት ትችላለች። «ሁለቱም አይደለም» ብትል ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱን መናገሯ አይቀርም። የእናቱ ሽንኩርት ደግሞ ስለ እሱ ሦስት ነገር ይናገራል፤ እናቱ በቅርብ አሉ፣ ይታዘዛል፣ በራሱ ይስቃል። ይህን ሁሉ «ቤተሰብ ወዳድ ነኝ» ብሎ ቢጽፈው ማንም አያምነውም።

ያንኑ ነገር ይዞ የተበላሸውን እዩት፦ «ቅዳሜ ጠዋት ስልክሽን ለምን አታነሺም?» ጥያቄው አንድ ነው፤ ነገር ግን ይህ የቀናተኛ ባል ድምፅ ነው። «ለምን» የሚለው ቃል ገና ካልተዋወቁት ሰው ሲመጣ ማስረዳትን ይጠይቃል። በመጀመሪያ መልእክት ላይ «ለምን»ን አውጥታችሁ በ«ወይስ» ብትተኩት ዓረፍተ ነገሩ ወዲያው ይለዝባል። ሌላው ብልሽት ምርመራው ነው፦ «ቅዳሜ ምን ትሠሪያለሽ? እሑድስ? ብቻሽን ነው የምትኖሪው?» ከፕሮፋይሏ ተነሥቶ ወደ ጓዳዋ ገባ። «የየት አገር ልጅ ነሽ?» የሚለውም ዛሬ ቀላል ጥያቄ ስላልሆነ ለመጀመሪያ ቀን አይመከርም።

ርዝመቱ ስልኩን ወደ ላይ ሳትገፋ የምታነበው ይሁን፤ ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። እሷ በፊደላችን ከጻፈች በፊደላችን ጻፉ፤ በላቲን ፊደል ከጻፈች በዚያው መሄድ ነውር የለበትም። አንቺ ወይስ እርስዎ የሚለው ዕድሜን ያያል። ለእኩያ «እርስዎ» ማለት የባንክ ደብዳቤ ይመስላል፤ ከእናንተ በግልጽ ለምትበልጥ ወይም ጽሑፏን በክብር ቋንቋ ለጻፈች ሴት ግን በ«እርስዎ» ጀምራችሁ «አንቺ በለኝ» እስክትላችሁ መጠበቅ ያስከብራል። አንድ መልእክት ውስጥ ሁለቱን መቀላቀል፣ «እንዴት ነዎት፣ ምን ትወጃለሽ» ማለት ግን ከየቦታው የተቀዳ መሆኑን ያሳብቃል።

ከመላካችሁ በፊት አንድ ፈተና አለ። ስሟን አውጥታችሁ የሌላ ሴት ስም አስገቡበት። መልእክቱ ለዚያችም የሚሆን ከሆነ ገና አልጻፋችሁም ማለት ነው። «ፎቶዎችሽ ደስ ይላሉ፣ ተፈጥሮ የምትወጂ ትመስያለሽ» በዚህ ፈተና ይወድቃል፤ ባሕር ዳር ውስጥ ውሃ ዳር ፎቶ ያልተነሣ ማን አለ?

ሴት ስትጀምር

በምብል የተባለው መተግበሪያ ከመነሻው የተሠራው በወንድና በሴት መካከል የመጀመሪያውን መልእክት ሴቷ እንድትጽፍ ነው። በሌሎቹም ቢሆን የሚከለክላት የለም፤ ወንዶች የሚደርሳቸው መልእክት ጥቂት ስለሆነ እንዲያውም የተሻለ ይነበባል። ደንቡ አይለወጥም። ለምሳሌ ዮናስ የሚባል ሰው ብስክሌቱን ገልብጦ፣ እጁ ግራሶ ሆኖ የሚታይበት ፎቶ ቢኖረው፦

«ሰላም ዮናስ። የተገለበጠው ብስክሌት ሰንሰለቱ ወጥቶ ነው ወይስ ጎማው? የእኔ ሰንሰለት ሽቅብ ስሄድ ይዘልላል፤ ሠሪው ጥርሱ አልቋል ይላል፣ እኔ ሊሸጥልኝ ነው እላለሁ።»

ብስክሌት በሚበዛበት ከተማ ይህ እርዳታ መለመን አይመስልም፤ አስተያየት መጠየቅ ነው። አንዳንዷ ቀድሜ ከጻፍኩ ርካሽ ያስመስለኛል ብላ ትሰጋለች፤ «ወድጄሃለሁ» አላለችም፣ ስለ ሰንሰለት ነው የጠየቀችው። በፈለገችው ሰዓት ማቆም ትችላለች።

ፕሮፋይሉ ባዶ ሲሆን

አንድ ፎቶ፣ ምንም ጽሑፍ። ይህ ያጋጥማል፤ ያ አንድ ፎቶም አብዛኛውን ጊዜ ግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ የተነሣ ነው። «ድልድዩ ያምራል አይደል?» ማለት ዋጋ የለውም። በፎቶው ውስጥ ከድልድዩ ሌላ ያለውን ፈልጉ፤ ነፋስ ያነሣው ነጠላ፣ ፎቶ አንሺው ላይ የሚስቅ ፊት፣ በእጅ የተያዘ የበቆሎ እሸት። ለምሳሌ፦ «ሰላም ሠናይት። እሸቱ ከፎቶው በኋላ ተረፈ ወይስ ፎቶ አንሺው በላው? እኔ እሸት ይዤ ፎቶ ተነሥቼ አላውቅም፣ እስከዚያ አይቆይልኝም።» እንዲህ ያለ ነገር ጨርሶ ከሌለ ለመጻፍ አትጨነቁ። ስለ ራሱ አንድ ቃል ያልጻፈ ሰው ለመልእክታችሁም ብዙ ቃል አያወጣም፤ ብታልፉት የሚያመልጣችሁ ጥቂት ነው።

ከዝርዝር መጀመር አንድ የጎን ጥቅም አለው። የሰው ፎቶ ሰርቆ ፕሮፋይል የከፈተ አታላይ በፎቶው ውስጥ ያለውን አያውቅም። ስለ ጀልባው ብትጠይቁት «አዎ፣ ጥሩ ነበር» ብሎ ወዲያው ወደ ቴሌግራም እንሂድ፣ ወይም ወደ ገንዘብ ጉዳይ ይሄዳል። አንድ ደብዛዛ መልስ ማስረጃ አይደለም፤ ሰው የቆየ ፎቶውን ሊረሳ ይችላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ስለ ራሱ ፎቶ ከሸሸ ግን እናንተም ሽሹ።

መልስ ከመጣና ካልመጣ

መልስ ሲመጣ የተለመደው ጥፋት ያገኙትን ክር ጥሎ ወደ «ምን ትሠሪያለሽ?» መመለስ ነው። ሕይወት «ገበያ አይደለም፣ ቅዳሜ ጠዋት ከአባቴ ጋር ታንኳ ላይ ነኝ» ብላ ብትመልስ፣ ቀጣዩ መልእክት ስለ ታንኳውና ስለ አባቷ እንጂ ስለ ላብራቶሪ አይደለም። ደንገል ነው ወይስ እንጨት? የሚቀዝፈው ማን ነው? ያቺ መልስ ራሷ ሌላ ዝርዝር ሰጥታለች፤ ከእንግዲህ ፕሮፋይሉን አትፈልጉትም።

መልስ ካልመጣ በዚያው ቀን «አየሽው?» አይባልም። ኔትወርክ ሊሆን ይችላል፣ ፈረቃ ሊሆን ይችላል፣ አልፈለገችም ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም። አራት አምስት ቀን አሳልፉና አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስለ ዝምታዋ ምንም ሳትሉ፣ ያስቀመጣችሁትን ሁለተኛ ዝርዝር ላኩ፦

«ሰላም ሕይወት። ጢስ ዓባይን ሰው ሁሉ በመስከረም ነው የሚለጥፈው፣ ያንቺ ግን ድንጋዩ ወጥቶ ነው። ሳታውቂ በበጋ ሄደሽ ነው ወይስ ሆን ብለሽ? እኔ በሚያዝያ ሄጄ ትዝ የሚለኝ ፏፏቴው ሳይሆን ሸንኮራ የምትሸጠዋ ልጅ ናት።»

ለዚህም መልስ ከሌለ ሦስተኛ አይጻፍም። ስሟን በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ፈልጎ እዚያ መጻፍም አይገባም፤ እዚያ እንድትጽፉላት አልፈቀደችም።